ተረከዝ ሲላጥ፣ ጫማ ሲሸት

«ሁሌም ንጹህ የጥጥ ካልሲ ነው የማደርገው። ቤት ለቤት ስዞር ውዬ ማታ ሳወልቅ ግን ተረከዜ ውሃ ቋጥሯል። ጥጥ ይሻላል ይሉ የለ?» *የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከሰከላ*

ጥጥን ለጋቢ ተዪው እህቴ። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፤ መጥጦ ግን አይለቅም። እርጥብ ቆዳ ደግሞ ይለሰልስና ከካልሲው ጋር ይጣበቃል። ስትራመጂ ውስጥ ያለው አጥንት ይንቀሳቀሳል፣ ላይኛው ቆዳ ተይዞ ይቀራል። በዚህ መጓተት ቆዳው ከውስጥ ይላቀቅና ክፍተቱ ውሃ ይሞላል። የሱፍ ቅልቅል ወይም ናይለንና ፖሊስተር የበዛበት ካልሲ ላቡን ከቆዳው ያርቃል፣ ቶሎም ይደርቃል።

ገበያ ላይ ጽሑፍ የሌለው ካልሲ ከገጠመሽ አንድ ጥንድ ብቻ ግዢ። ማታ ከጥጡ ጋር አጥበሽ ጎን ለጎን አስጪው። ጠዋት ጥጡ እርጥብ ሆኖ እሱ ከደረቀ ተመልሰሽ ሌላም ግዢ። ካልሲውን ገልብጠሽ በጣቶቹ በኩል ያለውን ስፌት በጣትሽ ዳብሺው። የሚቆረቁር ከሆነ ይቅርብሽ። መንገድ ላይ ተረከዝሽ ማቃጠል ሲጀምር ደግሞ «ስደርስ አየዋለሁ» አትበይ። እዚያው ቁጭ ብለሽ አድርቂና ፕላስተር ለጥፊበት። ያ ማቃጠል የውሃ መቋጠር መጀመሪያው ነው።

«ተረከዜን እንዳይመታኝ ብዬ በነበረው ሶል ላይ ወፍራም የስፖንጅ ሶል ደረብኩ። ወደ ዓባይ ቁልቁል ስወርድ ጭራሽ ባሰብኝ።» *ከደጀን*

ይብሳል እንጂ! ሁለት ሶል ሲደራረብ ተረከዝህ ከጫማው ጉድጓድ ወጥቶ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በየእርምጃው ይንሸራተታል። ፊት ለፊት ደግሞ ጣቶችህ ይጨናነቃሉ። ቁልቁለት ሲሆን እግርህ ወደፊት ስለሚሄድ ጥፍርህ ሳይቀር ይመታል። የድሮውን አውጣና በልኩ አንድ ሶል ብቻ አግባ። መሬት ላይ አስቀምጠህ ቁምበት፤ ከረጅሙ ጣትህ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል መትረፍ አለበት። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ክሩን ቁርጭምጭሚት አካባቢ ጠበቅ አድርገህ እሰር።

«ካልሲዬን በየቀኑ አጥባለሁ። ጫማዬን ሳወልቅ ግን ቤተሰቡ መስኮት ይከፍታል።» *መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ*

መቼም ቤተሰብ አይዋሽም። ካልሲው ንጹህ ቢሆንም ሶሉ ያው የትናንቱ ነው። ላብ ብቻውን ብዙም አይሸትም፤ የሚያሸተው ባክቴሪያ ሲመገበው ነው። ስፖንጅ ሶል ደግሞ እርጥበቱን ይዞ ያድራል። ማታ ማታ ሶሉን አውጥተው ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ለብቻው ያሳድሩት። በሳምንት አንዴ በሳሙና ይጠቡት፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ግን አይመልሱት። ምድጃ አጠገብ አያድርጉት፣ ማጣበቂያው ይለቃል። ታጥቦ ደርቆም ከሸተተ ይጣል። ሁለት ጫማ ካለዎት ያፈራርቁ፣ በክረምት አንድ ሌሊት ለጫማ አይበቃውም። ካልሲውንም ገልብጠው ይጠቡ፤ ቆሻሻው ያለው በውስጥ በኩል ነው። በጣቶችዎ መሀል የሚያሳክክና የሚላላጥ ካለ ግን ፈንገስ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ይታዩ።

«ሁለት ካልሲ መደረብ ይጠቅማል?» *ከቡሬ*

የውስጡ ስስና ልክክ ያለ ከሆነ፣ ጫማውም ቦታ ካለው፣ አዎ። ፍትጊያው ቆዳህ ላይ መሆኑ ቀርቶ በሁለቱ ካልሲዎች መሀል ይሆናል። ጫማው ከጠበበ ግን አትሞክረው።