የማርትሬዛ ብርህ፦ ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ይቻላል?

ጥያቄ፦ «ሐረር ሸዋ በር ማርትሬዛ ብር ገዛሁ። 28 ግራም ይመዝናል። እውነተኛ ነው ወይስ ፎርጅድ? ቁርጡን ንገሩኝ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ «እውነተኛ ሳይሆን አይቀርም፤ እርግጠኝነቴ ግን መካከለኛ ነው» እላለሁ። ምክንያቴ ክብደቱ ነው፤ መሆን ያለበት 28.07 ግራም ገደማ ነው። ግን በብር የተለበጠ ናስም ትንሽ ወፈር ተደርጎ ክብደቱን ሊያሟላ ይችላል። እኔን ከፍተኛ ከማለት የሚያግደኝ እሱ ነው።

በክር አንጠልጥለህ ውሃ ውስጥ መዝነው። ክብደቱ በ2.8 ግራም ገደማ ከቀነሰ እርግጠኝነቴ ከፍ ይላል። ወደ 3.3 ከተጠጋ ፎርጅድ ወደማለቱ አዘነብላለሁ።

ዕድሜውን ለብቻው ጠይቅ። ብሩ ላይ ያለው 1780 የሚለው ዓመት ምንም አያረጋግጥም፤ ያው ዓመት እየታተመበት በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ተመትቷል። ስለ ዕድሜው ከፎቶ ብቻ ፍርድ አልሰጥም።