«ነው» ወይስ «ይሆን ነበር»? ከቦንድ ዋጋ ስለሚወጣ ይሆናልነት

ጥያቄ፦ የአንድ ኩባንያ የአንድ ዓመት ቦንድ 8 በመቶ፣ የመንግሥት ቦንድ ደግሞ 4 በመቶ ያስገኛል። ከልዩነቱ ተነሥቼ «ኩባንያው ዕዳውን መክፈል የማይችልበት ዕድል 6.2 በመቶ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ «ከስጋት ነፃ የሆነው ዕድል 6.2 በመቶ ነው» ብሎ አረመው። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም፤ እርማቱ ግን ከታረመው ይብሳል። «ከስጋት ነፃ» የሚባለው ቦንድ ነው፤ ገንዘቤ ይቀራል ብሎ ማንም የማይሰጋበት፣ በእርስዎ ምሳሌ የመንግሥቱ። ይሆናልነት፣ እርስዎ «ዕድል» ያሉት፣ ከስጋት ነፃ አይባልም፤ የሚለካው ራሱ ስጋቱ ነውና። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ትልቁ ችግር ደግሞ ስሞቹ ላይ አይደለም። ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ነው። «ነው» ብለው ዘጉት፤ ቁጥሩ ግን «ቢሆን ኖሮ» ተብሎ የተገኘ ስለሆነ «ይሆን ነበር» የሚል መዝጊያ ይፈልጋል። ይህን ለማየት ስሌቱን ቀስ ብሎ መከተል ያስፈልጋል።

ቦንዱ በዓመቱ መጨረሻ 1000 ብር እከፍላለሁ ይላል፤ በመሐል ወለድ የለውም። 8 በመቶ ያስገኛል ማለት ዛሬ በ925.93 ብር ይሸጣል ማለት ነው። ያንኑ 925.93 ብር የመንግሥት ቦንድ ላይ ያዋለ ሰው በዓመቱ ያለ ጥርጥር 962.96 ብር ይቀበላል። እንግዲህ ኩባንያው 1000 ብር ቃል እየገባ ገበያው የሚሰጠው ዋጋ ያለ ጥርጥር ለሚገኝ 962.96 ብር የሚከፈለውን ነው። የቀረው 37.04 ብር ነው። አሁን «ቢሆን ኖሮ» ይመጣል፦ ገዢዎች ለስጋት ምንም ካሣ የማይጠይቁ፣ አማካዩን ብቻ የሚያዩ ቢሆኑ ኖሮ፣ ይህ 37.04 ብር ልክ በአማካይ የሚጠፋው ገንዘብ ይሆን ነበር። ኩባንያው ካልከፈለ ከ1000 ብሩ 400 ይመለሳል፣ 600 ይጠፋል ብለን ብናስብ፣ ይሆናልነቱ እንዲህ ይወጣል።

```
q = 37.04 / 600 = 0.0617
```

የእርስዎ 6.2 በመቶ ይኸው ነው። ብዙዎች በአቋራጭ የ4 በመቶውን ልዩነት ለ0.6 አካፍለው 6.67 ያገኛሉ። ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል፦ 4ቱ በመቶ የሚታሰበው በተከፈለው 925.93 ብር ላይ ነው እንጂ በ1000 ብሩ ላይ አይደለም። የ925.93 አራት በመቶ 37.04 ነው፤ የ1000 አራት በመቶ 40። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን አቋራጩ አይጎዳም፤ ቦንዱ 20 እና 25 በመቶ በሚያስገኝበት ጊዜ ግን መልሱን በጣም ያሳብጠዋል።

ወደ ማሰሪያ አንቀጹ እንመለስ። ሳንቲም ይወረወርና አንበሳው ከወጣ 1000 ብር ያገኛሉ፣ ካልወጣ ባዶ እጅዎን ይመለሳሉ እንበል። ለዚህ ጨዋታ 500 ብር የሚከፍል ብዙ ሰው አይገኝም፤ በ450 ብር የሚገባ ግን ይገኛል። አሁን ሳንቲሙን ሳያይ ዋጋውን ብቻ የሰማ ሰው 450ን ለ1000 አካፍሎ «አንበሳ የሚወጣበት ይሆናልነት 45 በመቶ ነው» ቢል ተሳስቷል። ሳንቲሙ እኩል በእኩል ነው። «ተጫዋቹ ለስጋት ካሣ የማይጠይቅ ቢሆን ኖሮ፣ በዚህ ዋጋ የሚገባው ይሆናልነቱ 45 በመቶ ቢሆን ነበር» ካለ ግን ትክክል ነው። ያ የጎደለው 50 ብር ሳንቲሙን አይመለከትም፤ ሰውየው ሆዱ ስለሚባባ የጠየቀው ካሣ ነው።

ቦንዱም ላይ እንዲሁ ነው። የኩባንያው እውነተኛ ይሆናልነት 2 በመቶ ቢሆን በአማካይ የሚጠፋው የ600 ሁለት በመቶ፣ ማለትም 12 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 25.04 ብር ገዢው ስለ ስጋቱ የጠየቀው ካሣ፣ ወይም ቦንዱ በፈለጉት ሰዓት ገዢ ስለማይገኝለት የተቀነሰለት ነው። ዋጋው ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ይነግረናል፤ ለያይቶ አይነግረንም። ስለዚህ ከዋጋ የወጣው ይሆናልነት አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ይበልጣል፣ «ነው» የሚለውም ቃል ይህን መብለጥ ይደብቀዋል። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር የታደለ ነው፦ «ቢ— ኖሮ … ነበር» የሚለው አነጋገር ያልሆነን ሁኔታ እንደ ሆነ አድርጎ ማሰብን በአንድ ጊዜ ይገልጻል። የባለሙያ ስያሜ ከመፈለግ በፊት ይህን መጠቀም ነው።

ካሣ ለማይጠይቀው ሰው ስያሜ የግድ ካስፈለገ «ለስጋት ግድ የለሽ» እና «ደንታ ቢስ» አይመቹም፤ ሁለቱም ወቀሳ አለባቸው፣ የሚታሰበው ሰው ግን ቸልተኛ አይደለም፤ ሂሳቡን በደንብ ያውቃል፣ ካሣ አይጠይቅም እንጂ። «ገለልተኛ» ይሻላል፣ ይሁንና «ገለልተኛ ይሆናልነት» ብቻውን ሲቆም የማያዳላ፣ የታመነ ግምት ያስመስለዋል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ላይ «ለስጋት ካሣ በማይጠየቅበት ስሌት የተገኘ ይሆናልነት» ብሎ ሙሉውን መጻፍ፣ ከዚያ ወዲያ «በገለልተኛ ስሌት» እያሉ ማሳጠር ይቻላል። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ቢሆን አንባቢ አይሳሳትም፦ «ገዢዎች ለስጋት ካሣ የማይጠይቁ ቢሆኑና ካልተከፈለው 40 በመቶው ይመለሳል ቢባል ኖሮ፣ የቦንዱ ዋጋ ኩባንያው የማይከፍልበትን ይሆናልነት 6.2 በመቶ ያደርሰው ነበር።» ረዥም ነው፤ ግን ከውስጡ የሚጣል ቃል የለውም።

«40 በመቶው ይመለሳል» የሚለውን ሐረግ አርታኢዎች ቶሎ ይቆርጡታል። አያስቆርጡ። የሚመለሰው 25 በመቶ ነው ቢባል ጉዳቱ 750 ብር ስለሚሆን ይሆናልነቱ ወደ 4.9 በመቶ ይወርዳል፤ 60 በመቶ ይመለሳል ቢባል ወደ 9.3 ይወጣል። ዋጋው ያው 925.93 ብር ነው። ገበያው የሚናገረው የይሆናልነቱንና የጉዳቱን ብዜት ብቻ ነው፤ አንዱን ገምቶ ያስገባው ጸሐፊው ነው። እዚህ ላይ «ኪሳራ» የሚለው ቃል ያጋጫል፦ «ኩባንያው ከሰረ» ስንል የኩባንያውን መውደቅ፣ «ኪሳራው 600 ብር ነው» ስንል አበዳሪው ያጣውን ገንዘብ እንጠራበታለን። «የኪሳራው መጠን 6 በመቶ ነው» ቢባል የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል? የመጀመሪያውን «አለመክፈል»፣ ሁለተኛውን «ጉዳት» ብለው ቢለዩት ጣጣው ይቀላል። ልዩነቱንም ቢሆን «የወለድ ልዩነት» ማለት በቂ ነው፤ አንዳንዴ የሚታየው «ስርጭት» «spread» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለ መተርጎም ነው፣ ምንም አይነግርም። ከ4 ወደ 8 ሲሆንም «በ4 የመቶኛ ነጥብ ይበልጣል» እንጂ «በ4 በመቶ ይበልጣል» አይባልም፤ የ4 አራት በመቶ 0.16 ነውና።

«መክፈል የማይችልበት» ያሉት ሐረግ ደግሞ ሌላ ሳንካ አለው፤ የአገራችን የውጭ ቦንድ ጥሩ ማሳያው ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1 ቢሊዮን ዶላር በዚህ ቦንድ ተበደረች፤ ጊዜው 10 ዓመት፣ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2023፣ 33 ሚሊዮን ዶላር ያህል የግማሽ ዓመት ወለድ ሳይከፈል ቀረ፤ የእፎይታ ጊዜውም አለፈ። መንግሥት በወቅቱ የሰጠው ምክንያት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማስተናገድ ነው የሚል ነበር። ይህን ምክንያት ተቀበልነውም አልተቀበልነው፣ ቦንዱ ላይ የተጻፈው ውል የሚጠይቀው ተከፈለ ወይስ አልተከፈለም የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ «አለመክፈል» ይበሉ፤ «አለመቻል» ስለ ኪስ የሚሰጥ ሌላ ፍርድ ነው።

በዚህ ቦንድ ላይ ስሌቱን ብንሞክረው፣ ቦንዱ በወጣበት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የ10 ዓመት ቦንድ 2.2 እና 2.3 በመቶ መካከል ያስገኝ ነበር። ለማነጻጸር ይህ የሚመረጠው ገንዘቡም ዶላር፣ ጊዜውም 10 ዓመት ስለሆነ ነው፤ በብር የወጣን የአንድ ዓመት የግምጃ ቤት ሰነድ ከዚህ ጋር ማስተያየት የብርን የመውደቅ ስጋትም አብሮ ያስገባል። ልዩነቱ ወደ 4.4 የመቶኛ ነጥብ ይሆናል። 40 በመቶ ይመለሳል ብለን፣ ወለዱ በየስድስት ወሩ መከፈሉን ለጊዜው ትተን በአቋራጩ ብናካፍል በዓመት 7.3 በመቶ ያህል ይወጣል። ለአሥር ዓመት ግን በአሥር አይባዛም። አንዴ ያልተከፈለ ዕዳ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንዳልተከፈለ አይቆጠርምና፣ የሚባዛው መትረፉ ነው፦ 0.927 በራሱ አሥር ጊዜ ተባዝቶ 0.47 ይመጣል፣ አለመክፈሉ ቀሪው 53 በመቶ።

ከዚህ በኋላ «ገበያው ያኔውኑ ተንብዮት ነበር» ብሎ የመጻፍ ፈተና ይመጣል፤ ቁጥሩም ከግማሽ በላይ ነው፣ የሆነውም ሆኗል። ግን 53 በመቶው የካሣ ክፍያንም የያዘ ስለሆነ ትንቢት አይባልም፤ ያው ቦንድ እስከ መጨረሻው ተከፍሎ ቢሆን ኖሮም «ገበያው ተሳስቷል» ለማለት አያበቃም ነበር። «ገዢዎቹ ከአሜሪካ ቦንድ በላይ በዓመት 4.4 የመቶኛ ነጥብ ጠይቀዋል» ቢባል ግን ማንም አይከራከርበትም፤ ያ የሆነ ነገር ስለሆነ በኀላፊ ጊዜ፣ ያለ «ኖሮ»፣ ይጻፋል።