ሌንሱን ቀብተህ ነጸብራቁ ካልቀነሰ፣ የሳሙና አረፋ ሂሳብ ይሆናል የተጠቀምከው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የመስታወት ሌንስ በቫኪዩም ማሽን ማግኒዥየም ፍሎራይድ ቀባሁ። ነጸብራቁ የሞገድ ርዝመቱ 550 ናኖሜትር በሆነው አረንጓዴ ብርሃን ላይ እንዲጠፋ ነበር ሐሳቤ። የሽፋኑ ውፍረት መለኪያ 199 ናኖሜትር ሲል አቆምኩ። ግን ካልተቀባው ብዙም አይለይም፣ እንዲያውም ትንሽ አረንጓዴ ይላል። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው የቀባውን በብረት ፖሊሽ ፈትጌ ነበር ያነሳሁት። ችግሩ እሱ ይሆን? አሁንስ ይሄን በአሲድ ላንሳው?»

አሲዱን አሁኑኑ እርሳው። ፍሎራይድ በአሲድ ላንሳ ያለ ሰው መጨረሻው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው። እሱ ደግሞ ቆዳ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ እስከዚያ የሰውነትን ካልሲየም ይይዝና ልብ ድረስ ይደርሳል። ሌንሱን ራሱንም ይበላዋል።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ 199 ስትል ነው የጠረጠርኩት። የማግኒዥየም ፍሎራይድ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ፣ ማለትም ብርሃንን ስንት እጥፍ እንደሚያዘገይ የሚያሳየው ቁጥር፣ 1.38 ነው። 199 በ1.38 ሲባዛ 275 ይመጣል፣ ይህም የ550 ግማሽ ነው። አረንጓዴውም ይህንኑ ይናገራል። የሳሙና አረፋ ቀመር ወስደህ ነው ያሰላኸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ብርሃን ኢንዴክሱ ዝቅ ካለ ነገር መጥቶ ከፍ ያለውን ሲመታ፣ የሚመለሰው ሞገድ በግማሽ ሞገድ ይገለበጣል። ግድግዳ ላይ የታሰረ ገመድ ስታርገበግብ ወደ ላይ የላክኸው ሞገድ ወደ ታች ዞሮ እንደሚመለሰው ማለት ነው። ከፍ ካለው ወደ ዝቅተኛው ሲሄድ ግን ግልበጣ የለም። አረፋ አየር፣ ውሃ፣ አየር ነው። የላይኛው ፊት ይገለብጣል፣ የታችኛው አይገለብጥም። ለዚህ ነው አረፋ ሊፈነዳ ሲል በጣም የሳሳው ቦታ የሚጠቁረው፤ ሁለቱ ነጸብራቆች መንገዳቸው እኩል ሆኖ ሳለ አንዱ ብቻ ስለተገለበጠ ይጣፋሉ።

የአንተ ግን አየር 1፣ ሽፋን 1.38፣ መስታወት 1.52 ነው። በየደረጃው ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱም ፊቶች ይገለብጣሉ፣ ግልበጣውም ከሂሳቡ ይወጣል። የሚቀረው የመንገዱ ልዩነት ብቻ ነው። የታችኛው ነጸብራቅ ሽፋኑን ወርዶ ይወጣል፣ ማለትም ውፍረቱን ሁለት ጊዜ ይሄዳል። በግማሽ ሞገድ እንዲዘገይ ከፈለግክ ውፍረቱ የሞገዱ ሩብ መሆን አለበት። 550 ለ1.38 ሲካፈል ሽፋኑ ውስጥ ያለው ሞገድ 399 ይሆናል፣ ሩቡ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንተ እጥፉን ቀባህ። ስለዚህ ነጸብራቆቹ ሙሉ ሞገድ ተለያይተው፣ ከፍታው ከፍታው ላይ ገጥሞ ተመለሱ። 550 ላይ ሽፋኑ ያለ አይመስልም፤ እንደ ባዶ መስታወት 4.3 በመቶ ያንጸባርቃል። ሰማያዊው 450 አካባቢ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል፣ ቀዩም ትንሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ አረንጓዴው ጎልቶ ይታያል።

ለማረጋገጥ የሌንሱን ጀርባ በሚታጠብ ጥቁር ቀለም ሸፍንና በአረንጓዴ ፊልተር እየው። መያዣው የጋረደው ያልተቀባ ጠርዝና የተቀባው መሃል እኩል ካበሩ፣ ጉዳዩ ያ ነው።

ፖሊሹ ይህን ቀለም አላመጣም፣ እሱ ቢሆን ዥንጉርጉር ይሆን ነበር። ግን የብረት ፖሊሽ ለሌንስ ያስለመደውን ሰው በጣም አዝንበታለሁ። ጭረትና ቅባት ይተዋል፣ አዲሱ ሽፋን በዚያ መስመር ይላጣል።

ሌላ 100 ናኖሜትር ብትደርብበት ሦስት ሩብ ሞገድ ይሆንና 550 ላይ ይሠራል። ለአረንጓዴ ሌዘር ብቻ ከሆነ ያዋጣል። ለካሜራ ወይም ለዓይን ግን አላደርገውም፣ ከ550 ፈቀቅ ስትል ነጸብራቁ ቶሎ ይመለሳል። ማግኒዥየም ፍሎራይድ ሲወፍር ደግሞ እየተወጠረ ይሰነጠቃል። በሴሪየም ኦክሳይድ በደንብ አስለስለህ አንሳውና እንደገና ጀምር። አሲድ ግን አይደለም፣ «መስታወት ማደብዘዣ» ተብሎ የሚሸጠው ክሬምም ቢሆን፤ እሱም ቆዳ ላይ ያንኑ አሲድ ሊፈጥር ይችላል።

ስትቀባ መስታወቱን ወደ 300 ዲግሪ አሙቀው፣ ከሌላ ሌንስ ጋር በሙጫ የተጣበቀ ካልሆነ በስተቀር። በቀዝቃዛው ከተቀባ በጨርቅ ይነሳል። የመለኪያውን ክሪስታልም ርካሹን አትግዛ። መሃል ላይ ቁጥሩ ይዘልብህና 100 ያልከው 120 ሆኖ ታገኘዋለህ።

መጀመሪያ ሌንሱ ጎን ጠፍጣፋ የሙከራ መስታወት አስቀምጥ። 100 ላይ ሲደርስ ነጸብራቁ ደብዘዝ ያለ ወይን ጠጅ መሆን አለበት። ቢጫ ወይም ቡናማ ካለ ሳስቷል፣ ጨምር። ወደ ሰማያዊ ከሄደ አልፈኸዋል። ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ አትጠብቅ። ለዚያ ኢንዴክሱ 1.23 የሆነ ሽፋን ያስፈልጋል፣ በ1.38 የምታገኘው 1.3 በመቶ ገደማ ነው።