ቱቦው ቢወድቅብኝስ?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ሰኞ የመጀመሪያ የላብራቶሪ ትምህርት አለን። ባክቴሪያ ያለበት ቱቦ ከእጄ ወድቆ ቢሰበር ወዲያው ልጥረገው?»

መልስ፦ ኧረ አትጥረገው! መጀመሪያ ጮክ ብለህ ንገረኝ፣ ሰውም ከአካባቢው ዞር ይበል። ቱቦ ሲሰበር ዓይን የማያየው ርጭት አየር ላይ ስለሚቀር ትንሽ እንጠብቃለን። ከዚያ ጓንት አድርገህ ፈሳሹን በወረቀት ፎጣ ሸፍነውና አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ የተበጠበጠበትን ከዳር ወደ መሃል ቀስ እያልክ አፍስስበት፤ ከመሃል ከጀመርክ ባክቴሪያውን ወደ ውጭ ትገፋዋለህ። 20 ደቂቃ ተወው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ በረኪናው ስለሸተተ ብቻ ያለቀ ይመስለዋል። ሽታው ባክቴሪያው መሞቱን አይነግርህም። ስባሪውን በመቆንጠጫ አንሳው፣ በጓንትም ቢሆን በእጅህ አትንካው። በረኪናው ደግሞ የዚያኑ ቀን የተበጠበጠ ይሁን፤ ከርሞ የተገኘ ብጥብጥ ጉልበቱ ይደክማል።