«ይታያል?» ብላችሁ አትጠይቁ

ልጆች፣ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

እኔ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። ጉድጓድ ሳስቆፍር፣ ፓምፕ ሳስተክል፣ ከዚያ ደግሞ የሠራውንና ያልሠራውን ለዞንና ለወረዳ ሰዎች ሳስረዳ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ማቅረብ አይከብደኝም፣ እንዲያውም እወደዋለሁ። ፊት አያለሁ። ማን እንዳዛጋ፣ ማን እንደተኮሳተረ፣ ማን ከጎኑ ላለው ሰው እንደሚያንሾካሹክ አያለሁ፤ እንደሱው እፈጥናለሁ ወይ ወደኋላ እመለሳለሁ።

ኮሮና ሲመጣ ሁሉም ነገር በዙም ሆነ። አንድ ጠዋት ለአምስት ቢሮዎች የጉድጓድ ጥናት ውጤት ላቀርብ ተቀመጥኩ። ፓወርፖይንቱን ከፈትኩ፣ መስኮቱን ሼር አደረግኩ፣ ከዚያ ስላይድ ሾው አስጀመርኩ። «ይታያል?» አልኩ። «ይታያል፣ ጋሼ» አሉኝ። ቀጠልኩ። 17 ደቂቃ ያህል የውሃ መጠኑን፣ የፓምፑን ጥልቀት፣ የነዳጁን ወጪ ስተነትን ቆየሁ። ማንም አልጠየቀ፣ ማንም አላቋረጠ። በልቤ «ዛሬስ ገብቷቸዋል» እያልኩ ነበር።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ደወለች። «ጋሼ፣ ስላይዱ ግን አልተቀየረም ነበር።» ለካ 17 ደቂቃ ሙሉ ሲያዩ የቆዩት የርዕሱን ገጽና የመሥሪያ ቤቱን ዓርማ ነው! ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም? «ሲናገሩ ማቋረጥ ከበደን።»

አልፈረድኩባቸውም። አዳራሽ ውስጥ ቢሆን ማቋረጥ ሳያስፈልጋቸው ፊታቸው ይነግረኝ ነበር። እኛ አገር ታላቅ ሰው ሲናገር ዝም ይባላል። ዝምታው አዳራሽ ውስጥ ችግር አልነበረውም፤ ዓይን ስለሚናገር። በቪዲዮ ግን ካሜራው ይጠፋል፣ ማይኩ ይዘጋል፣ የሚቀረው ይሉኝታ ብቻ ነው።

የቴክኒኩ ምክንያት ቀላል ነው። አንድ መስኮት ብቻ መርጣችሁ ሼር ስታደርጉ ፕሮግራሙ የሚያሳየው ያንን መስኮት ነው። ስላይድ ሾው ሲጀመር ደግሞ ሌላ አዲስ መስኮት ይከፈታል። እናንተ አዲሱን ታያላችሁ፣ እነሱ አሮጌው ላይ ቀርተዋል። አንዳንዱ ፕሮግራም ራሱ አውቆ ይከተላችኋል፣ አንዳንዱ አይከተልም። በዕድል ላይ አትተማመኑ። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ መጀመሪያ ስላይድ ሾውን አስጀምሩ፣ ከዚያ እሱን ሼር አድርጉ። ሌላም መንገድ አለ። ፓወርፖይንት ላይ Slide Show ውስጥ ገብታችሁ Set Up Slide Show የሚለውን ስትከፍቱ Browsed by an individual (window) የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። እሱን ከመረጣችሁ ስላይዱ ሙሉ ስክሪኑን አይውጥም፣ በራሱ መስኮት ይሄዳል፤ ያንን መስኮት ብቻ ሼር ታደርጋላችሁ፣ ከጎኑ ማስታወሻችሁንና ቻቱን ታያላችሁ። ሙሉ ስክሪን ሼር ማድረግም ይሠራል፣ ግን ያኔ ቴሌግራም ላይ «የሽሮ ዱቄት አልቋል» የሚል መልእክት ብቅ ሲል አምስቱም ቢሮ ያነባል። ይሄም ደርሶብኛል።

ግን ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ብቻ አይበቃም፤ ነገ ሌላ ነገር ይበላሻል። ቁም ነገሩ ሲበላሽ እንዴት ታውቃላችሁ የሚለው ነው። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ነገር አደርጋለሁ።

አንደኛው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ስላይድ ጥግ ላይ ትልቅ ቁጥር አለው፤ ፓወርፖይንት ራሱ የሚያስቀምጣት ደቃቃዋ አይደለችም፣ ከሩቅ የምትነበብ። ከዚያ «ይታያል?» አልልም። «ይታያል» ማለት ምን ይታያል እንደሆነ አይነግራችሁም። «ሐዋሳ ያላችሁ፣ ስንት ቁጥር ይታያችኋል?» እላለሁ። መልሱ «ስድስት» ከሆነ እና እኔ ስድስት ላይ ካለሁ ቀጠልን። «አራት» ካሉኝ ኔትወርኩ ወደኋላ እየጎተታቸው ነው ማለት ነው፤ እጠብቃለሁ። ይሄን ጥያቄ መጀመሪያ ላይ አንዴ፣ ከዚያ በየአምስት ስድስት ስላይዱ እያፈራረቅኩ ለሌላ ቢሮ አቀርበዋለሁ። የጠራሁት ሰው ይመልሳል። ለሁሉም የተጣለ ጥያቄ ግን የማንም አይደለም።

ሁለተኛው ስልኬ ነው። በስልኬ እንደ አንድ ተሳታፊ ገብቼ፣ ድምፁን ዘግቼ፣ ከላፕቶፑ ጎን አቆመዋለሁ። እነሱ የሚያዩትን አያለሁ። ስላይድ ስቀይር ስልኩ ላይ እስኪቀየር አንድ ሁለት ሰከንድ ሊቆይ ይችላል፤ እስኪቀየር አልናገርም። በዋይፋይ ሳይሆን በሞባይል ዳታ ብታስገቡት ደግሞ ይሻላል፣ ምክንያቱም ክፍለ ሀገር ያለው ሰው የሚያየው ወደዚያ የቀረበ ነው። የስልኩን ማይክም ሆነ ስፒከር ዝጉ፣ አለዚያ ድምፃችሁ ተመልሶ መጥቶ ያስተጋባል።

ሦስተኛው ሰው ነው። ያቺን የደወለችልኝን ልጅ በሰው ፊት ሾምኳት። ስብሰባው ሲጀመር «ዛሬ እሷ እንድታቋርጠኝ ፈቅጃለሁ፣ ድምፄ ቢጠፋ፣ ስላይዱ ቢቆም፣ ፈጥኜ ብሄድ ታቋርጠኛለች፤ እናንተም ችግር ካለ በቻት ለእሷ ጻፉላት» እላለሁ። ፈቃዱ በሰው ፊት ካልተነገረ አትጠቀምበትም። እኔን ማቋረጥ የሚከብደው ሰው ለእሷ መጻፍ አይከብደውም።

አሁን ስለ ስላይዱ ራሱ። የአዳራሹን ስላይድ እንዳለ ወደ ዙም ይዛችሁ አትሂዱ።

እኔ የምኮራበት አንድ ሰንጠረዥ ነበረኝ። 14 ጉድጓዶች፣ ስምንት አምድ። አዳራሽ ውስጥ ግድግዳው ድረስ ሄጄ በጣቴ እየነካሁ «ይሄን እዩ፣ አሁን ደግሞ ይሄን» እያልኩ አስረዳበት ነበር። ሰንጠረዡን የሚያስነብበው ጣቴ ነበር። ዙም ላይ ጣት የለም። «ይሄ» ብትሉ የትኛው ይሄ?

መጠኑን ደግሞ አስሉት። ፓወርፖይንት የሚሰጣችሁ የተለመደው ሰፊ ስላይድ ወርዱ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስልክ በአግድም ሲያዝ ስላይዱ የሚይዘው ቦታ 12 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ማለትም ሲሶ ያህል። 24 ብላችሁ የጻፋችሁት ፊደል ስምንት ሆኖ ይደርሳል። የእኔ ሰንጠረዥ በ14 ነበር የተጻፈው፣ ስልክ ላይ አምስት ገደማ ሆነ ማለት ነው። የኛ ፊደል ደግሞ ከላቲኑ የባሰ ነው። ቡ እና ቢ የሚለዩት እግራቸው ላይ ባለች ትንሽ ቅጥያ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስና ምስሉ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ስለዚህ እኔ በአማርኛ ከ28 በታች አልጽፍም። ካልበቃኝ ጽሑፉን እቀንሳለሁ እንጂ ፊደሉን አላሳንስም። ሳትልኩት በፊት በራሳችሁ ስልክ ከፍታችሁ ሳትለጥጡ አንብቡት። ካነበባችሁት ይሠራል።

ያን ሰንጠረዥ እንዴት አድርጌ እንደበተንኩት ልንገራችሁ። ሰንጠረዡ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከ14ቱ ጉድጓዶች አራቱ በበጋ ውሃ ይቀንሳሉ፣ ፓምፑ ግን ለክረምቱ መጠን የተገዛ ነው። የመጀመሪያው ስላይድ ላይ አንድ ጉድጓድ ብቻ አስቀመጥኩ። በክረምት በሰከንድ ስድስት ሊትር፣ በበጋ ሦስት ተኩል። ሁለት ቁጥር፣ ሌላ ምንም። በሁለተኛው ፓምፑ በሰከንድ አምስት ሊትር እንደሚስብ ጨመርኩ። እዚህ ላይ ቆምኩና ጠየቅኩ፦ «በበጋ ምን ይሆናል? በቻት ጻፉልኝ።» አንዱ «ይደርቃል» ሲል፣ ሌላው «አየር ይስባል» አለ፣ ሌላው «ሞተሩ ይቃጠላል» ብሎ ጻፈ። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ እንደተከተሉኝም ያወቅኩት ከዚያ ነው። በሦስተኛው የአራቱን ጉድጓዶች ስም ብቻ አሳየሁ። ሙሉ ሰንጠረዡ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ቀድሞ ተልኳል፤ የፈለገ ያጠናዋል። አንዱ ስላይድ ሦስት ሆነ፣ ጊዜው ግን አጠረ።

ስትጠይቁ ደግሞ ጠብቁ። እኔ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ሰውየው ጥያቄያችሁን ዘግይቶ ይሰማል፣ ማይኩን ይፈልጋል፣ «እኔ ልቅደም ወይስ ሌላ ሰው?» ብሎ ያስባል። እናንተ በሦስተኛው ሰከንድ «እሺ፣ ጥያቄ ከሌለ» ካላችሁ የተከፈተውን አፍ ዘጋችሁት። አሥር ሰከንድ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ውሃ ጠጡ።

ቀልድ አዳራሽ ውስጥ ይሠራል፣ እዚህ አይሠራም፤ የሚስቀውም ማይኩን ዘግቶ ነው የሚስቀው። አኒሜሽንም ተዉት፣ እየተቆራረጠ ነው የሚደርሰው። ቪዲዮ ካላችሁ ሼር ስታደርጉ Share sound የሚለውን ምልክት ካላደረጋችሁ ምስሉ ብቻ ይሄዳል፣ ድምፁ እናንተው ጋ ይቀራል።

መብራትና ኔትወርክ መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ ፒዲኤፉን ከስብሰባው በፊት መላክን ልማድ አድርጉት። ቁጥሮቹ እዚህ ላይም ይጠቅማሉ። ባለፈው ገለጻው መሐል መብራት ጠፋ፣ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። በስልኬ ዳታ፣ በድምፅ ብቻ ቀጠልኩ። «ሁላችሁም ፒዲኤፉን ክፈቱ፣ ሰባት ቁጥር ላይ ነን።» ገጽ ሲገለበጥ አልሰማሁም፣ ፊትም አላየሁም። ዝም ብዬ አሥር ስቆጥር አንድ ድምፅ መጣ፣ ከዚህ በፊት አንድም ቀን ተናግሮ ከማያውቅ ቢሮ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ላቋርጥዎትና፣ ሰባት ቁጥር ላይ ያለው ድምር ልክ አይደለም።»

ደመርኩት። ልክ አልነበረም።