ከማያውቁት ሰው ፕሮፋይል የትኛውን ነገር ይዞ መጻፍ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «ሀዋሳ ሆነን ለቡና ላኪዎች የገበሬዎችን ማሳ መገኛ በጂፒኤስ እንመዘግባለን። በሊንክድኢን ለማላውቀው ኃላፊ ስጽፍ ከፕሮፋይሉ የትኛውን ነገር አንስቼ ልጀምር? ‹ሥራዎን አደንቃለሁ› ስል መልስ አላገኝም።»

መልስ፦ እኔም እዚሁ ሀዋሳ ለቡና መጋዘኖች የእርጥበት መለኪያ ስለምሸጥ የምጽፈው ለእነዚሁ ሰዎች ነው። የምፈልገው ሰውየው በራሱ ቃል የጻፈውን፣ ጊዜው ያላለፈበትንና እኔ ከማቀርበው ሥራ ጋር በቀጥታ የሚገናኘውን አንድ ነገር ብቻ ነው።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናነሳው የሥራ መደቡን፣ አዲስ ሹመቱን ወይም የተማረበትን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሦስቱም ከገጹ አናት ላይ ስለሚገኙ ለሁሉም ሰው ቀድመው ይታያሉ። ሹመት ያገኘ ሰው በዚያው ሳምንት ብዙ የ«እንኳን ደስ አለዎት» መልእክት ስለሚደርሰው የእርስዎም ከዚያ ክምር ውስጥ ይገባል። ስለ ራሱ የሚገልጸው ረጅሙ ጽሑፍም ብዙ ጊዜ ለሥራ ማመልከቻ ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ዛሬ ምን እንደሚያሳስበው አይነግርዎትም። ስለዚህ እኔ በቀጥታ የምሄደው እንቅስቃሴው ወደሚታይበት ክፍል ነው፤ እዚያም ከራሱ ልጥፎች ይልቅ በሌሎች ልጥፍ ሥር የሰጣቸውን አስተያየቶች አነባለሁ። ልጥፍ ለአደባባይ ተብሎ ይታሰብበታል፤ አስተያየት ግን የሥራ ባልደረባ ለባልደረባው እንደሚናገረው ያለ ነው። ያለ አንዳች ቃል መልሶ ያጋራውን የሌላ ሰው ጽሑፍ የእሱ ሐሳብ አድርገው አይቁጠሩት።

በእርስዎ ሥራ አንድ ምሳሌ ላሳይ፤ ሰውየውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ የሚገኝ የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የግዢ ኃላፊ ነው እንበል። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል፤ በቅርቡ ሹመት አግኝቷል፤ የአውሮፓ ገዢዎች ሲጎበኟቸው የተነሱትን ፎቶ ለጥፏል፤ በሌላ ሰው ልጥፍ ሥር ደግሞ «የገበሬዎች ዝርዝር አለን፤ ችግሩ አንዱ ገበሬ በሦስት ዓይነት የስም አጻጻፍ መመዝገቡ ነው» ብሎ ጽፏል። ፎቶው ያጓጓል፤ እኔ ግን የምመርጠው አስተያየቱን ነው። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያውን የሚያሳይ መስመር ሲጠይቅ፣ ከዚያ በታች ለሆነ ማሳ ግን አንድ የመገኛ ነጥብ ይበቃል። የሲዳማ ገበሬ ማሳ ብዙውን ጊዜ ከዚህ መጠን በጣም ያነሰ በመሆኑ ነጥቡን መውሰድ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ነጥቡ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ ነው። ሰውየው ያነሳው ችግር የእርስዎ ሥራ የሚፈተንበት ቦታ ነው ማለት ነው።

መልእክቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። አንድ ገበሬ በሦስት ዓይነት የስም አጻጻፍ እንደሚመዘገብ የሰጡትን አስተያየት አነበብኩ። እኛ በሲዳማ የማሳ መገኛ ስንመዘግብ ስሙን ከስልክ ቁጥርና ከማሳው ነጥብ ጋር እናያይዛለን። እናንተ ድግግሞሹን በምን ትለያላችሁ?» የግብዣ ማስታወሻ ከ300 ፊደል በላይ ስለማይቀበል፣ በነፃ አካውንት ደግሞ ከዚያም ሊያንስ ስለሚችል፣ ዋጋና የድርጅት ታሪክ የሚገባበት ቦታ የለም፤ ቢኖርም አላስገባውም ነበር።

ከመላክዎ በፊት ከሰላምታው ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሰርዘው ቀሪውን ያንብቡ። ቀሪው ምንም ሳይጎድልበት የሚቆም ከሆነ ያነሱት ነገር ጌጥ ብቻ ነበር። አስተያየቱ የተጻፈበትንም ጊዜ ይመልከቱ፤ ዓመት ያለፈው ከሆነ ችግሩ ተፈትቶ ወይም ሰውየው መሥሪያ ቤት ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

የማልነካቸው ነገሮችም አሉ። የቤተሰብ ፎቶ፣ ሐዘን፣ ሃይማኖትና ከፌስቡክ ገጹ ያገኘሁት ማንኛውም ነገር በሥራ መልእክት ውስጥ ሲገባ ሰውየው እየተከታተልኩት እንደሆነ ይሰማዋል። አለቃውን ወይም ድርጅቱን የሚወቅስ አስተያየትም፣ የቱንም ያህል ከሥራዬ ጋር ቢገጥም፣ መልሼ አልጽፍለትም፤ መልእክቱ በማን ፊት እንደሚከፈት አላውቅምና።

ምርጫዎ የሠራ መሆኑን ከመልሱ ይዘት ይለዩታል። «አመሰግናለሁ፣ ዋጋ ላኩልኝ» ቢልዎት ያነሱትን ነገር አላስተዋለውም፤ «በስልክ ቁጥር ሞክረን ነበር፣ ግን አንድ ስልክ ለሦስት ቤተሰብ ሆኖ አገኘነው» ቢልዎት ግን ውይይቱ ተጀምሯል።

ገጹ ባዶ ሆኖ ካገኙት ዝርዝር ፍለጋ አይድከሙ። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚመዘግቡና ለምን ለእሱ እንደጻፉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሩት፤ የጋራ ዩኒቨርሲቲያችሁንም፣ ካለ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ሊያነሱት ይችላሉ።