«ይሁን እስቲ» ያለኝ ፎርማን

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ አገኘኝና «ጋሼ፣ ሰው ስለ ራሱ ብዙ እንደሚያወራ በምን ያውቃል?» ሲል ጠየቀኝ። እጮኛው ነግራው ኖሯል። ለጊዜው በቀልድ አለፍኩት፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ጥያቄው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ወደ ነበረ አንድ የቡና ሰዓት መልሶኝ ነበርና።

ያን ጊዜ ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ በአንድ የሕንፃ ግንባታ ላይ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነበርኩ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ከቆርቆሮው ቢሮ ጀርባ ቡና ይፈላል። ፎርማናችን ዝምተኛ ሰው ስለነበር በአቦሉ ከሰላምታ አያልፍም፤ የልቡን የሚናገር ከሆነ የሚጀምረው በቶናው ነው። የዚያን ዕለት ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ ውስጡ እያየ፣ «ትናንት ባለቤቴን ሆስፒታል ይዣት ሄጄ ነበር» አለ። እኔ ደግሞ ወዲያው «የሆስፒታል ነገር አታንሣብኝ» ብዬ፣ ጊቤ በረሃ ውስጥ መንገድ ስንሠራ ወባ ጥሎኝ በፒካፕ ተጭኜ ጅማ የደረስኩበትን ታሪክ ጀመርኩ። ጎማው ሁለት ጊዜ የፈነዳበትን፣ ሾፌሩ የሞትኩ መስሎት ያለቀሰበትን፣ ምንም አላስቀረሁም። ሠራተኞቹ ሳቁ። ስጨርስ ፎርማኑ «ይሁን እስቲ» ብሎ ሲኒውን አስቀምጦ ተነሣ። ቶናውን ሳይጠጣ እንደተወው የገባኝ ቡና የምታፈላልን ልጅ ስትደፋው ነው።

ከአራት ወር በኋላ ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ላጽናናው አስቤ፣ «እኔም እናቴ የሞተች ጊዜ…» ብዬ ስጀምር በግራዬ የተቀመጡ ሽማግሌ ጉልበቴን ጫን አደረጉት። አንድ ቃል አልተናገሩም። ዝም አልኩ።

ክፋት እንዳልነበረብኝ ልትረዱልኝ እፈልጋለሁ፤ «እኔም ደርሶብኛል» ማለት የሰውን ሸክም መካፈል ይመስለኝ ነበር። ብዙዎቻችንን የሚያታልለን ይኸው ነው። ቻርልስ ደርበር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር የሰዎችን ጭውውት መርምሮ ምላሻችንን በሁለት ከፍሎታል፤ አንደኛው ወሬውን ወደ ራሳችን የሚያዞር፣ ሁለተኛው በተናጋሪው ዘንድ የሚያቆይ ነው። ፎርማኑን «ምን አሏት?» ብዬው ቢሆን ኖሮ ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። የጅማው ታሪክ ከዚያ በኋላም በደረሰ፤ ጥፋቱ ታሪኩን ማውራቴ ሳይሆን እሱ ገና አንድ ዓረፍተ ነገር እንደተናገረ ማውራቴ ነው።

እንግዲህ ለልጁ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፦ ከጨዋታ በኋላ ወደ ቤትህ ስትሄድ፣ ያ ሰው ዛሬ የነገረህን፣ ትናንት የማታውቀውን አንድ ነገር ጥራ። እኔ ከዚያ ለቅሶ በኋላ ይህን ለራሴ ስሞክር፣ አብረውኝ ሦስት ዓመት ከሠሩ ሰዎች መካከል የአንዱን እንኳ የልጆች ቁጥር እንደማላውቅ አየሁ። በጨዋታው መሐል ደግሞ ጆሮህን «ይሁን እስቲ» ለሚለው ቃል ክፈት። በእኛ ዘንድ «አስጨርሰኝ» ብሎ ታላቁን ወይም አለቃውን የሚቆጣ ጥቂት ነው፤ ወሬውን አጥፎ ይነሣል እንጂ። የእናንተ ትውልድ በዚህ ረገድ ከእኛ የባሰ ይመስለኛል፤ ሰው እያናገራችሁ ስልካችሁን ትነካካላችሁ። ሆኖም ከእናንተ አንዷ ናት ለእጮኛዋ ፊት ለፊት የነገረችው፤ በእኔ ዘመን ማን ይደፍር ነበር?

እርማቱንም አበላሽቼው ነበር። ለጥቂት ወራት ስለ ራሴ ምንም ላለመናገር ቆርጬ ጥያቄ ብቻ ሳከታትል፣ ግንበኞቹ «ኢንጂነሩ ምን ሊያጣራ ነው?» ይባባሉ ጀመር። የራሱን ምንም ሳይሰጥ የሚጠይቅ መርማሪ ይመስላል። ቀስ በቀስ የተስማማኝ ልማድ፣ ሰውዬው አንድ ነገር ሲያነሣ እሱ ከተናገረው ላይ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ መጠየቅ፣ ከዚያ የራሴን ባጭሩ ተናግሬ ወሬውን ወደ እሱ መመለስ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግድ ነው፤ ለመጀመሪያው «እንዴት ነህ?» መልሱ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነውና።

ፎርማኑን አምና ለገጣፎ ገበያ አገኘሁት። ቡና ቤት ገባን። ስለ ባለቤቱ ጠየቅኩት፤ ደግሜም ጠየቅኩት። እንዴት እንደታመመች፣ ልጆቹን ማን እንዳሳደጋቸው፣ ከአቦሉ እስከ በረካው ነገረኝ። በረካው ሲቀዳ ቀና ብሎ «እርስዎስ ኢንጂነር፣ ያ የጅማው ወባ ተመልሶ መጣብዎት?» አለኝ።